ኑግ አይረጋም

እኔ ሁዳዴን የምጾመው ለነፍሴ ነው፤ እስከ ፋሲካ የሚያደርሰኝ ግን የየሻረግ ምስር ነው። ይህን ስናገር የሚቆጡኝ ሰዎች አሉ። ይቆጡ። እነሱ ምስር ወጥ ማለት ውኃ ላይ በርበሬ ነስንሰው፣ ዘይት አንሳፍፈው፣ «የጾም ነው እንግዲህ ምን ይደረግ» እያሉ የሚያቀርቡት ነገር ይመስላቸዋል። አፋቸው ስላልታደለ አልፈርድባቸውም።

የየሻረግ ምግብ ቤት ደሴ፣ ሸዋ በር፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ፊት ለፊት ነው። መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ እሷ ሽንኩርት ስትከትፍ እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ አለቅሳለሁ። የሰው ሱሪ በእንባ ያጠብኩበት ቀን ብዙ ነው። ቤቷ ትንሽ ናት፤ ጠረጴዛዎቹ ይወዛወዛሉ፤ ብርጭቆዎቹ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። ግድግዳዋ ላይ ግን በቀይ ቀለም በጉልህ «የጾም ምግባችን በንጹሕ የኑግ ዘይት ብቻ ይሠራል» ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው። «ብቻ» የምትለዋን ቃል ከሌላው አተልቄ እንድጽፍ ያዘዘችኝ ራሷ ነች።

የሻረግ አጭር፣ ድምፀ ትልቅና ኩሩ ሴት ነች። ሰው ወጧን ሲያመሰግን «አውቃለሁ» ነው የምትለው። የጎረቤት ምግብ ቤቶችን ወጥ ስታማ ደግሞ ምሕረት የላትም። «የሚረጋ ዘይት የጨመረ ሰው ወጥ ሠራሁ ባይል ደስ ይለኛል። ሻማ አቀለጥኩ ይበል» ትላለች እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። ሰምቶ የማይስቅ የለም።

የተወለደችው ኩታበር ነው። ገና ልጅ ሆና ደሴ መጥታ አንድ የእህል ነጋዴ ቤት ተቀጠረች። እመቤቲቱ ከሰባቱ አጽዋማት አንዱንም የማታጎድል ሴት ነበረች። ባልየው ደግሞ ረቡዕና ዓርብ ገበታው ላይ ቀርቦ «ዛሬም ሣር ነው?» የሚል፣ መልሱን ሳይጠብቅ ተነሥቶ የሚወጣ ሰው ነበር። የት ሄዶ ምን እንደሚበላ አገር ያውቃል። አንድ ሁዳዴ መግቢያ ላይ እመቤቲቱ የሻረግን ጓዳ ጠርታ «ይህን ሰውዬ በጾም ቤቱ የሚያስቀምጥ ወጥ ከሠራሽልኝ እንደ ልጄ አይሻለሁ» አለቻት።

የሻረግ ቅቤ ሲነጠር ስታይ ኖራለችና አንድ ነገር ገባት። ሰውዬው የሚናፍቀው ቅቤውን ብቻ ሳይሆን የቅቤውን ቅመም ጭምር ነው። እና ኮሰረቱን፣ በሶብላውን፣ ኮረሪማውን፣ አብሹን፣ ትንሽ እርድ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ጨምራ የኑግ ዘይት በቀስታ እሳት አነጠረች። ዘይቱ ከጋለ ቅመሙ አርሮ ይመራል፤ ስለዚህ ከእሳቱ እያወረደች እየጣደች፣ ሽታው ቤቱን ሲሞላው አጠለለችው። ምስሩ ሊወጣ ሲል ከዚያች ዘይት በጭልፋ ጠብ አደረገችበት። ሰውዬው በላ። ደገመ። ከዚያ ፊቱ ተለዋወጠና ሚስቱን «በስተርጅናሽ ጾም ማስገደፍ ጀመርሽ?» ብሎ ጮኸባት። የሻረግ ይህን ታሪክ ስትነግረኝ ሁሌ እዚህ ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ እንድስቅላት ነው።

ያ የተነጠረ ዘይት ዛሬም የእሷ መለያ ነው። ሸዋ በር ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። በሁዳዴ አጋማሽ የቅቤ ሽታ መንገዱን ሲያጥነው አዲስ ሰው አፍንጫውን ይይዛል፤ እኛ ግን «አብሽር፣ ዘይት ነው» እንለዋለን።

ነገሩ የሆነው ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሰኞ በገቡበት ዓመት ነው። ወይዘሮ አሰገደች የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ተራ ደርሷት ነበር። ማኅበሩ መጋቢት ሃያ ሰባት ስለሆነ ሁሌም ጾም ላይ ይውላል፤ ድግሱም የጾም ነው። አሰገደች ደግሞ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ እናቷን ብቻዋን የምታስታምም ሴት ናትና ወጡን የሻረግ እንድትሠራላት ተስማሙ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አሰገደች ማታ ማታ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ትመጣለች፤ በአንዱ ሳህን ምስር፣ በሌላው የጥቅል ጎመን፣ የካሮትና የድንች አልጫ አስሞልታ ለእናቷ ትወስዳለች። እማማ ተዋበች ምግብ ከተዉ ሰንብተው ነበር። የየሻረግ ምስር ሲቀርብላቸው ግን ጉርሻ ሲጠይቁ አየሁ ብላ አሰገደች ራሷ በደስታ ስትናገር ሰምቻለሁ።

አንድ ማለዳ አሰገደች ምሳ ዕቃውን በነጠላዋ ጠቅልላ መጣች። ፊቷ ልክ አልነበረም። ሁለት የታክሲ ሾፌሮች ሻይ ይጠጣሉ፤ እኔ የሻረግ ያዘዘችኝን ሽርጥ ላስረክብ ገብቻለሁ። አሰገደች ምሳ ዕቃውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

«ይህ ምንድነው የሻረግ?»

«ምስርና አልጫ ነዋ። ትናንት የወሰዱት።»

«እሱን አልጠየቅሁሽም። ከላይ ያለውን ነው።»

ሁላችንም አንገታችንን አሰገግን። ማታ የተረፈው ወጥ በደሴ ብርድ አድሮ ከላዩ ረግቷል። ምስሩ ላይ ቀላ ብሎ ተጋግሯል። አልጫው ላይ ግን ቢጫ፣ ለስላሳ፣ በጣት ቢነኩት የጣት ምልክት የሚይዝ ነገር ነው። ሽታውም ያው የሚታወቀው ሽታ ነው።

«ዘይት ነው» አለች የሻረግ።

«የምን ዘይት?»

የሻረግ ወደ ምድጃዋ ዞረች። አሰገደች ወደ ግድግዳው ዞራ እኔ የጻፍኩትን አነበበችው።

«ኑግ ብለሽ ጽፈሻል። ኑግ ይረጋል እንዴ?»

ኑግ አይረጋም። ይህን የደሴ ሕፃን ያውቃል። ሌሊቱን ውጭ ቢያድር ውርጭ ቢመታው ኑግ ኑግ ነው። እኔ የሻረግን አየኋት፤ አሁን አንድ ነገር ትላለች፣ አሰገደችን በነገር ትጠብሳታለች ብዬ ጠበቅሁ። የሻረግ ግን ሽንኩርቷን ማማሰል ጀመረች።

«ቅቤ አልነካሁም» አለች ዞር ሳትል። «በመድኃኔ ዓለም እምላለሁ።»

«በመድኃኔ ዓለም አትማይብኝ። እናቴ በሰማንያ ዓመቷ ጾም ገድፋ አታውቅም።» አሰገደች ምሳ ዕቃውን መልሳ ዘጋችው። «የማኅበሩን ወጥ ተይው። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

ከሾፌሮቹ አንዱ፣ ለቀልድ እንኳ አመቺ ጊዜ የማይለይ ሰው፣ «ለካስ ለዚህ ነው የሚጣፍጠው» አለ። ቀልዱ ከምግብ ቤቱ ወጥቶ ሸዋ በርን ለመዞር ጊዜ አልፈጀበትም።

በማግሥቱ ጠረጴዛዎቹ ባዶ ነበሩ። ሰው ሊበላ ይመጣና ከደጅ ሆኖ ሌላው ሰው ገብቶ እንደሆነ ያያል፤ ማንም ከሌለ ሰዓት እንደረሳ ሰው እጁን ተመልክቶ ይመለሳል። በሁዳዴ የሚኖር ምግብ ቤት በሁዳዴ ሰው ከሸሸው አለቀለት ማለት ነው። የሻረግ ቤቱን የተከራየችው፣ ሁለቱን የእህቷን ልጆች የምታስተምረው በዚሁ ነው። ከዚያ በላይ ግን ስሟ ነበር። አገር ያስፈሰከች ሴት ከመባል የከፋ ስም ለጾም ወጥ ሠሪ ምን አለ?

እኔም ብሆን ፈራሁ፤ እግዜር ያያል። ሌላ ቦታ ሄድኩ። ያቀረቡልኝ ምስር ሽንኩርቱ ሳይበስል ውኃ የተጨመረበት፣ በርበሬው ጉሮሮ የሚቧጥጥ ነበር። ጎመኑ ተቀቅሎ ተቀቅሎ የሰው ጥፋት የተሸከመ መስሏል። ሁለተኛውን ቀን አልቻልኩም። ተሻግሬ ሄድኩና የሻረግን ገሠጽኳት።

«ንገሪያቸው እንጂ ምንድነው ዝምታው? ጥፋት ከሌለብሽ አፍ አለሽ።»

«ያላመነኝ ሰው አይብላ ጋሽ አስናቀ።»

«እኔ ላምንሽ እፈልጋለሁ። ተርቤያለሁ።»

«እርስዎማ በሆድዎ ነው የሚያምኑት» አለችና ፈገግ ለማለት ሞከረች። አልሆነላትም። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሽንኩርት ደግሞ ያን ቀን አልከተፈችም።

ያኔ ነው ዘሐራ ትዝ ያለችኝ። ዘሐራ ከእኔ ሱቅ ቀጥሎ ቅቤ ትሸጣለች። ከገጠር የሚመጣላትን ቅቤ በቢላ ጫፍ ነካ አድርጋ ምላሷ ላይ ታሳርፍና ወይ ትቀበላለች ወይ «ሙዝሽን ይዘሽ ተመለሺ» ብላ ታባርራለች። ቅቤ ውስጥ ምን ተቀላቀለ ቢባል ደሴ ውስጥ እሷን የሚያህል ዳኛ የለም። እኛ ክርስቲያኖቹ ቀምሰን ልንፈርድ አንችልም፤ ቅቤ ከሆነ ጾም መግደፋችን ነው። ዘሐራ ግን ሙስሊም ናት። እንዴት እስካሁን አላሰብኩትም ብዬ በራሴ ተደነቅሁ።

አሰገደችን አስጠራሁ፤ ያ የረጋ አልጫ ያለበትን ምሳ ዕቃ እንዳለ ይዛ መጣች። ሁላችንም ዘሐራ ደጃፍ ቆምን። የሻረግም ከቤቷ በር ላይ ሆና ታያለች።

«እት ዘሐራ፣ እስቲ ይህን ቅመሽልን» አልኳት።

«አሁን?» አለች ዘሐራ። «ጋሽ አስናቀ፣ ጤና የለዎትም እንዴ? ረመዳን ነው እኮ።»

በራሴ የተደነቅሁት እዚያ ላይ አለቀ።

«የእናንተ ጾም ቅቤውን ነው የሚከለክለው፤ የእኛ ውኃውንም» አለችኝ። «በአንድ ቀን ገብተን እንኳ መቼ ነው የሚለምድዎት?»

«በአፍንጫሽስ?»

ምሳ ዕቃውን ተቀብላ ወደ ብርሃን ዞር አለች፤ አሸተተች፤ ደገመች። ፊቷ እንደ ዳኛ ጨፈገገ።

«በአፍንጫዬ ከጠየቃችሁኝ የነጠረ ቅቤ ነው።»

አሰገደች ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። የሻረግ ከበሯ ላይ ወደ ውስጥ ገባች።

«ቆዩ እንጂ» አለች ዘሐራ። «አፍንጫ ጅል ነው። ኮሰረት የሸተተውን ሁሉ ቅቤ ይላል። አፌ ነው የማይዋሸው። አዛን ይበል፣ ላፍጥርበት።»

እናም ጠበቅን። ዘሐራ ማፍጠሪያዋን የሻረግ ቤት ይዛ መጣች፤ ሳምቡሳዋን፣ ተምሯን፣ ውኃዋን ደርድራ ምሳ ዕቃውን ከመካከል አስቀመጠችው። የሻረግ የረጋውን ወጥ ላለማየት ድስት ታጥባለች። ያው ድስት ነው፤ ሦስቴ አጠበችው። እኔ ሳምቡሳው ሥጋ እንዳለበት እያወቅሁ ዓይኔን መንቀል አቅቶኛል። አሰገደች ግን ከጥግ ተቀምጣ ድንገት ለራሷ እንደምትናገር ሆና ጀመረች።

«እማዬን "የሻረግ ዘግታለች" አልኳት። ጾም እንዳስገደፍኳት ካወቀች የምትሞት መሰለኝ። ሽሮ ሠራሁላት፣ አልቀመሰችም። አጥሚት አፈላሁላት፣ አልቀመሰችም። "የዚያችን ሴትዮ ምስር" ትለኛለች። ዛሬ ደግሞ መናገሩንም ትታለች።»

የሻረግ የያዘችውን ድስት አስቀመጠች። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ መጥታ ዘሐራ ፊት ቆመች።

«እት ዘሐራ፣ አትቅመሺው። እኔ እናገራለሁ።»

እውነቴን ነው፣ ቅቤ ነው ልትል ነው ብዬ ነበር።

«የሚረጋው ዘይት ነው» አለች የሻረግ። «ኑግ ከገና ወዲህ የለም። መጭመቂያው ፍሬ አጥቶ ተዘግቷል። ሌላ ቦታ ሞከርኩ፤ የሚሸጡት የተበረዘ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ምን ልሥራ? የሚረጋውን ገዛሁ። በየማለዳው ሰው ሳይመጣ አቅልጬ በኑጉ ጀሪካን እገለብጠዋለሁ። ቅመሙን እጥፍ አድርጌ አነጥረዋለሁ፣ ማንም አልለየውም። ወጡ ትኩሱን ስለሚበላ ማን ያየዋል? ምሳ ዕቃ ውስጥ ያድራል ብዬ አላሰብኩም።»

እኔ ሳላስበው ግድግዳውን አየሁት፤ «ብቻ» የምትለዋ ቃል ያን ያህል ትልቅ መሆኗን ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

«ለዘይት ነው ዝም ያልሽው?» አለች አሰገደች። «ቅቤ አበላች እያሉ አገር ሲያሙሽ?»

«ቅቤ አበላች ሲሉኝ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ፤ እንቅልፌን ተኝቼ አድራለሁ። የሚረጋ ዘይት ታበላለች ቢሉኝ ግን እውነት ነው። ስንቱን ሰው በዚህ ዘይት ስሰድብ ኖሬ በምን ፊቴ ልናገር?» የሻረግ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እናትሽ መራባቸውን ባውቅ ግን ያን ዕለት እናገር ነበር። ይህን እመኚኝ።»

«እርስዎ» ማለቱን ትታ «አንቺ» ማለት መጀመሯን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀረሁም።

አሰገደች ልታምን ፈልጋለች፤ ፊቷ ላይ ይታያል። ግን የእናቷ ነገር ነው። «ልመንሽ፣ ልመንሽ የሻረግ፤ እርግጠኛ መሆን አለብኝ» አለች። እንደ እውነቱ ከሆነ እኔም እሷን ብሆን እንዲሁ እል ነበር።

አዛኑ ከላይ በኩል ተሰማ። ዘሐራ ቢስሚላሂ ብላ ተምሯን ነከሰች፤ ውኃዋን ጠጣች፤ ተጉመጠመጠች። ከዚያ በማንኪያ ጫፍ ከአልጫው ላይ ያን ቢጫውን ነገር አንሥታ ምላሷ ላይ አሳረፈች። ዓይኗን ጨፈነች። የምግብ ቤቱ አምፖል ስትንጫጫ ትሰማለች።

«ቅቤ አፍ ውስጥ ሲገባ ሟሙቶ ይሄዳል» አለች በመጨረሻ። «ከኋላው ደግሞ የወተቱ ነገር፣ ኮምጠጥ የምትል ነገር ትመጣለች። ይሄ ላንቃዬ ላይ እንደ ሰም ተለጠፈ። አጭበርባሪዎቹ ቅቤዬ ውስጥ እየቀላቀሉ ሊሸጡልኝ የሚያመጡት ይሄንኑ ነው፤ በየሳምንቱ እየተጣላሁበት እንዴት አላውቀው? ወላሂ፣ ጠብታ ቅቤ የለበትም።»

አሰገደች እንባዋ ወረደ። ዘሐራ ማንኪያዋን መልሳ ምስሩ ውስጥ ነከረች።

«ተረጋገጠ እኮ፣ ምነው ደገምሽ?» አልኳት።

«አልጫው ነው የተረጋገጠው። ምስሩ ገና ነው» አለችና ቀጠለች። ሳምቡሳዋን ረስታ የቀዘቀዘ ምስር ስትበላ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

የሻረግ ግን ተነሥታ ጓዳ ገባችና በአንዲት ጠርሙስ ጠቆር ያለ ነገር ይዛ ወጣች። ኑግ ነው፤ ከመጨረሻው ግዢ ለራሷ ያስቀረችው። «ለእናትሽ አዲስ እሠራለሁ። አጠገቤ ቁሚና እያንዳንዱን እዪ» አለቻት አሰገደችን።

ቀይ ሽንኩርቱን ከትፋ ከትፋ ዱቄት ማድረግ ነው የቀራት። ባዶ ድስት ላይ፣ ዘይት ሳይነካው፣ ጣደችው። ሽንኩርቱ ውኃውን እየለቀቀ ይንጫጫል፤ ሊይዝባት ሲል ውኃ በእጇ ርጭ ታደርግበታለች፤ እንደገና ታማስላለች። አሰገደች «አልበሰለም?» ስትላት «ገና ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትነቱን እስኪረሳ ጠብቂ» ትላታለች። ቡናማ ሆኖ ሲሟሽሽና ጣፋጭ ሽታ ሲያመጣ ያኔ ኑጉን አፈሰሰችበት። በርበሬውን ጨመረች፤ እንዳያርባት ሙቅ ውኃ ጠብ ጠብ እያደረገች ቁሌቱን አበሰለችው። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉን አከለች። የታጠበውን የምስር ክክ ጨምራ ሙቅ ውኃውን አንዴ ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ ሰጠችው። በሌላው ምድጃ ላይ የቀረችውን ኑግ ከኮሰረቱና ከኮረሪማው ጋር በቀስታ አነጠረችና አጠለለች። ምስሩ ፈርሶ ሲወፍር ጨው፣ መከለሻ፣ በመጨረሻም ያችን የተነጠረች ዘይት ጠብ አደረገችበት። ሽታው እንደወጣ ከደጅ የሚያልፍ ሰው ቆመ።

«ይኸው ነው?» አለች አሰገደች። «ሌላ የለውም?»

«ሌላው ትዕግሥት ነው» አለች የሻረግ። ኩራቷ በጥቂቱ እየተመለሰላት ነበር። ወደ እኔም ዞረች። «ጋሽ አስናቀ፣ ነገ ይህን ግድግዳ ይቀቡልኝ።»

«ምን ልጻፍበት?»

«ምንም አይጻፉ። ዘይቱ ምንድነው ብሎ የጠየቀኝን በአፌ እነግረዋለሁ።»

አሰገደች ምሳ ዕቃውን እየዘጋች «የማኅበሩን ወጥም አንቺው ነሽ የምትሠሪው» አለች። «በሚረጋውም ቢሆን። ሰዉ ትኩስ ትኩሱን ይብላ።»

ሦስታችን ዳገቱን ወደ አሰገደች ቤት ወጣን። ምሳ ዕቃውን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም፤ ሽታው አጠገቤ እንዲሆን ስለፈለግሁ ነው። እማማ ተዋበች ግድግዳ ሥር ባለች አልጋ ላይ በጎናቸው ተኝተዋል። ሰውነታቸው ብርድ ልብሱ ሥር መኖሩ አያስታውቅም። ዓይናቸው ብዙም አያይም፤ የሻረግ አጠገባቸው ስትቀመጥ ግን አፍንጫቸው ነቃ።

«መጣ?» አሉ።

የሻረግ እንጀራውን በምስሩ አርሳ አጎረሰቻቸው። ቀስ ብለው አኘኩ፤ ዋጡ። አሰገደች ከራስጌያቸው ቆማ እጇን አጣምራ ታያቸዋለች። ሁለተኛውን ጉርሻ ተቀበሉ። ሦስተኛውን አፋቸውን ቀድመው ከፈቱለት።

«የዛሬው ከዚያኛው ይሻላል» አሉ። «ያኛው አፍ ላይ ይከብድ ነበር።»

የሻረግ አቀረቀረች። አሰገደች ከዚያ በላይ መያዝ አቃታት፤ ተንበርክካ የእናቷን እጅ ያዘች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። የሻረግ ዘግታ አልነበረም። ወጡ ቅቤ ያለበት መስሎኝ ነው የከለከልኩሽ። አሁን ግን አጣርተናል። ዘይት ነው። ጠብታ ቅቤ አልነበረበትም፤ ጾምሽን አልገደፍሽም።»

እማማ ተዋበች ማኘካቸውን አቆሙ።

«አልነበረበትም?»

«ምንም።»

«ቅቤ አይደለም?»

«አይደለም እማዬ። በአምላክ ስም።»

አሰገደች እናቷን ደስ ይላቸዋል ብላ ጠብቃ ነበር፤ እኔም። ፊታቸው ላይ የመጣው ግን ሌላ ነገር ነው።

«እኔማ ቅቤ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«መቼ?»

«የመጀመሪያ ዕለት። ገና ስታጎርሺኝ።»

አሰገደች እናቷን አየቻቸው። «ታዲያ ምነው አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ትወስጂው ነበራ» አሉ እማማ ተዋበች።

የሻረግ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነው የሳቀችው፤ ከዚያ መያዝ አልቻለችም፤ እንባዋ በጉንጯ እየወረደ ጉርሻውን እንደያዘች ቀረች። አሰገደች ግራ ገብቷት እኔን አየችኝ፤ እኔ ስስቅ ስታይ እሷም ፊቷን የእናቷ ብርድ ልብስ ውስጥ ደፍታ ሳቀች። አሮጊቷ አልሳቁም።

«ለንስሐ አባቴ ራሴ እነግራቸዋለሁ» አሉ። «በሐሳቤ ገድፌአለሁና ይፍቱኝ። አሁን ግን ይህች ሴትዮ ምን ትጠብቃለች?»

የሻረግ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ አጎረሰቻቸው።